የውጭ ዲግሪ ይዞ ቦሌ ከወረዱ በኋላ

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያን እስከ መጨረሻው መስመር የሚያነብ ሰው ብዙ አይደለም። አብዛኛው ሰው የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና የሚጠየቀውን የሥራ ልምድ አይቶ ያልፋል። ውጭ አገር ተምሮ ለተመለሰ ሰው ግን ቁም ነገሩ ያለው ከግርጌ በተደረደሩት ማሳሰቢያዎች ውስጥ ነው። ከውጭ አገር ተቋም የተገኘ የትምህርት ማስረጃ የአቻ ግምት ሊቀርብበት ይገባል የሚል መስመር እዚያ ይገኛል። ይህን ያላሟላ አመልካች ሁለት ዓመት የደከመበት ማስተርስ በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ እንደሌለ ይቆጠርበታል።

የአቻ ግምት ከውጭ የመጣ የትምህርት ማስረጃ እዚህ አገር ካሉት የትምህርት ደረጃዎች ከየትኛው ጋር እንደሚመጣጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ለዲግሪና ከዚያ በላይ ላለ ትምህርት ይህን ደብዳቤ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው እስካሁን መሥሪያ ቤቱን «ሄርቃ» ይለዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል ነበር። ኤጀንሲው ይሠራው የነበረውን ሥራ በ2014 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ተረክቦታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጭ አገር የጨረሰ ሰው ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃውን የሚያስገምተው ሌላ ቦታ፣ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው።

ተመላሹን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይህን ደብዳቤ የጉዳዩ ሁሉ መቋጫ አድርጎ ማሰቡ ነው። በእርግጥ የውጭ ዲግሪ እዚህ ሥራ ላይ እስኪውል አራት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው ወይ? ደረጃው ምንድን ነው? በዚህ ሙያ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ከዚያ ደግሞ ቀጣሪው ስንት ዓመት የሥራ ልምድ ይይዝልሃል? ለእያንዳንዱ የሚመልሰው መሥሪያ ቤት የተለየ ነው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው አያገለግልም። የአቻ ግምቱ የሚመልሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ባለታሪካችን የሂሳብ ባለሙያ ናት እንበል። በ2011 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመረቀች። ከመስከረም 2012 እስከ ነሐሴ 2014 መጨረሻ በአንድ የግል ድርጅት ሦስት ዓመት ሠራች። ከዚያም ሕንድ ሄዳ በፋይናንስ የሁለት ዓመት ማስተርሷን ጨረሰችና በ2016 ክረምት አዲስ አበባ ገባች።

ማኅተም በማኅተም ላይ

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ትምህርቱ በተሰጠበት አገር ነው። በሕንድ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ እንደጨረሰ መጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ዋናው ዲግሪ የሚወጣው የምረቃው ሥነ ሥርዓት ሲካሄድ ሲሆን ይህም ወራት ሊዘገይ ይችላል። ቪዛዋ ያለቀባት ተማሪ ብዙ ጊዜ ጊዜያዊውን ይዛ ትመጣለች። የአቻ ግምት ለማሠራት ግን የሚፈለገው ዋናው ዲግሪና የሁሉም ሴሚስተር ውጤት ነው።

ዋናው ዲግሪ እጅ ከገባ በኋላ የማረጋገጫው ጉዞ ይጀመራል። የሕንድ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ክልል የትምህርት ቢሮ ያረጋግጠዋል፤ ቀጥሎ በኒው ዴልሂ የሕንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያደርግበታል፤ ከዚያ እዚያው ከተማ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጣል። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የእኛው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል። በሌላም አገር አካሄዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሰነዱን ያወጣው አገር ሚኒስቴር፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ሚሲዮን፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ።

እነዚህ ማኅተሞች ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእሱ በፊት ስላለው ፊርማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ ዲግሪውን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በኤምባሲው የፈረመውን ሰው ነው። ኤምባሲውም የሚያውቀው የአገሩን ውጭ ጉዳይ ማኅተም ነው። በመሆኑም መሃል ላይ አንድ ማኅተም ከጎደለ ቀጣዩ ሰው የሚይዘው ነገር የለውም፤ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ያንን ክፍተት መሙላትም አይቻልም። ያለው አማራጭ ዋናውን ዲግሪ በፖስታ ወይም በሚሄድ ሰው እጅ መልሶ መላክና እዚያ ላለ ጓደኛ ውክልና መስጠት ነው። ከአገር ከመውጣት በፊት በአንድ ሳምንት ያልቅ የነበረ ጉዳይ እንዲህ ሲሆን ወራት ይበላል።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል አንድ ነገር ብዙ ሰው አስቸግራለች። ዲግሪው እንዳይበላሽ ብሎ ላሚኔት ማስደረግ የተለመደ ነው። ማኅተሙና ፊርማው ግን የሚያርፉት ብዙ ጊዜ በዋናው ሰነድ ጀርባ ላይ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ማኅተም አይይዝም። ላሚኔት የተደረገውን ልላጥ ቢሉም ወረቀቱ አብሮ ይነሳል። ያኔ የሚቀረው ከዩኒቨርሲቲው ምትክ መጠየቅ ነው።

ከሌሎች አገሮች የሚመለሱም የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ከቻይና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ይሰጠዋል፤ አንዱ ትምህርቱን ማጠናቀቁን፣ ሌላው ዲግሪው የተሰጠው መሆኑን ይገልጻል። አንዱን ብቻ አረጋግጦ የመጣ ሰው ጉዳዩ ግማሽ ላይ ይቆምበታል። ሰነዱ በሩሲያኛ፣ በቱርክኛ ወይም በዓረብኛ ከሆነ ደግሞ ትርጉሙም እንደ ዋናው ሁሉ ማረጋገጫ ይፈልጋል።

እዚህ ሲመጣ ደረጃው ምንድን ነው?

ማኅተሞቹ ተሟልተው ፋይሉ ባለሥልጣኑ ዘንድ ሲገባ ሁለተኛው ጥያቄ ይነሳል። እዚህ የሚታየው የወረቀቱ እውነተኛነት ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በራሱ አገር ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መሆኑ፣ ተማሪው የገባው በምን ማስረጃ እንደሆነ፣ ትምህርቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀና በምን መልክ እንደተሰጠ ይመረመራል። ሕንድን ብንወስድ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት ብቻ ሳይሆን ያለ ፈቃድ ዩኒቨርሲቲ ነን የሚሉትንም ዝርዝር ያወጣል። ስሙ የሚያምር ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ስላልሆነ ይህን ዝርዝር ማየት ያለበት ለትምህርት ማመልከቻ የሚያስገባው ሰው ራሱ ነው፤ ያውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት።

የዲግሪው ስምም ብቻውን ደረጃውን አይወስንም። የእኛ አገር የቀድሞ ተማሪዎች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ኢትዮጵያውያን አምስትና ስድስት ዓመት ተምረው ይዘው የመጡት «ዲፕሎማ» የሚባል ወረቀት ነበር። እዚህ ዲፕሎማ ማለት ከዲግሪ በታች ያለ ነገር ነው። የትምህርቱ ርዝመትና ጥልቀት ሲታይ ግን ማስተርስ ሆኖ ተያዘላቸው፤ ከዚያ በላይ የተማሩት «የሳይንስ ካንዲዳት» የሚለው ማዕረግም ከዶክትሬት ጋር ተመዘነ። የተገላቢጦሹም አለ። በእንግሊዝ የአንድ ዓመት ማስተርስ ጀምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን ያልጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ነው። ትምህርቱን ሁሉ ተከታትሎ ቢሆንም ወረቀቱ ማስተርስ አይደለምና እዚህም ማስተርስ ተብሎ አይገመትም።

ትምህርቱ በአካል የተሰጠ ከሆነ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ፓስፖርት ነው። መግቢያና መውጫ ቪዛው፣ የኢሚግሬሽን ማኅተሙ፣ ተማሪው በእርግጥ በዚያ አገር በዚያ ጊዜ እንደነበር ያሳያል። ውጭ እያለ ፓስፖርቱ ያለቀበትና አዲስ ያሠራ ሰው አሮጌውን «ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል» ብሎ መጣል የለበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስረጃ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ግምገማው ከማስተርሱ ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ሁለተኛ ዲግሪው እንዲገመት የመጀመሪያው ዲግሪ መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው እንዲታይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ያስፈልጋል። በቴክኒክና ሙያ በኩል ወደ ዲግሪ የተሻገረ ሰውም የደረጃ 4 የብቃት ማረጋገጫውን፣ «ሲ.ኦ.ሲ.» የሚባለውን፣ ይጠየቃል። ከታች ያለው ደረጃ ካልቆመ ከላይ ያለው አይቆምም።

የምሳሌያችን ሴት እዚህ ላይ ያልጠበቀችው ችግር ያጋጥማታል። ሕንድ ስትሄድ ከኢትዮጵያው ዩኒቨርሲቲ ይዛ የወጣችው «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ዲግሪ ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት፤ በሥራ ላይ ካለ ከደመወዙ በየወሩ ቢያንስ አሥር በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ዕዳው ተከፍሎ ማረጋገጫው እስኪቀርብ ድረስ ዋናው ዲግሪ ከዩኒቨርሲቲው አይወጣም። የሕንዱ ዩኒቨርሲቲ በቴምፖው ተቀብሏት ነበርና ነገሩን ረስታዋለች። አሁን ግን የውጭውን ዲግሪ ለማስገመት መጀመሪያ የአገር ቤቱን ዲግሪ ማስለቀቅ አለባት። የቀድሞ ድርጅቷ ሲቆርጥባት የነበረው ገንዘብ ገቢ መደረጉን ማጣራት፣ ቀሪውን መክፈል፣ ከገቢዎች የክሊራንስ ደብዳቤ ማውጣት፣ ከዚያ ክፍለ ሀገር ድረስ ወርዳ ሬጅስትራር ፊት መቆም ይጠብቃታል። ወደ ውጭ ከመሄዷ በፊት ብትጨርሰው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ስም ሲለያይ፣ ዓመተ ምሕረት ሲጋጭ

ፋይል ከሚመለስባቸው ምክንያቶች ውስጥ ከትምህርት ጥራት ጋር ምንም የማይገናኝ አንድ አለ፤ እሱም ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ተከታትሎ የሚሄድ ሲሆን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ሳይሞላ አያልፍም። አንዱ የአያትን ስም እዚያ ያስገባል፣ ሌላው የአባትን፤ አንዱ መካከለኛውን ስም ይተወዋል። በዚህ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። «ፀ»ን ወይም «ቀ»ን በላቲን ፊደል የሚጽፍበት መንገድ ከሰው ሰው ይለያል። በአሥረኛ ክፍል የፈተና ካርድ ላይ አንድ ዓይነት፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በፓስፖርት ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት የተጻፈ ስም ያለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ለባለቤቱ ሁሉም ያው ነው። ፋይሉን ለሚመረምረው ሰው ግን ሦስት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሰው ዲግሪ የሚሠራ ሰው ባለበት አገር ይህን ዝም ብሎ እንዲያልፍ መጠበቅ አይቻልም። በኋላ በቃለ መሐላ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ አንድ ሰው መሆንን ማስረዳት ይቻላል፤ ግን ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። ቀላሉ መንገድ ገና ተማሪ ሳሉ ነው። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ስሙን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጎ፣ ሦስቱንም፣ ዲግሪው ከመታተሙ በፊት እንዲያስተካክል መጠየቅ ብዙ ጊዜ በአንድ ቅጽ ያልቃል። ከታተመ በኋላ ግን አዲስ ዲግሪ ማሳተም ይሆናል።

ከስም ቀጥሎ ቀን አለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ ዲግሪውና ፓስፖርቱ በፈረንጆቹ ነው። ባለታሪካችን ነሐሴ 2014 መጨረሻ ላይ ሥራ መልቀቋን የሚገልጽ ደብዳቤ አላት። ያ ማለት በፈረንጆቹ መስከረም 2022 መጀመሪያ ነው። የሕንዱ ትራንስክሪፕት ትምህርት የተጀመረው ነሐሴ 2022 ነው የሚል ከሆነ ሁለቱ በቀናት ይደራረባሉ፤ በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስትሠራና ሕንድ ስትማር ትታያለች። ትምህርቱ የተጀመረበት ቀን የተጻፈው ለክፍሉ ሁሉ በጅምላ ሊሆን ይችላል፤ እሷ የደረሰችው ከቀናት በኋላ ነው። የመግቢያ ማኅተሟ ይህን ስለሚያሳይ ፓስፖርቷን አብራ ካቀረበች ነገሩ ይብራራል። ካላቀረበች ግን ጥያቄው በእሷ ላይ ይቆያል።

ደረጃውና ፈቃዱ ይለያያሉ

የአቻ ግምቱ ተገኘ እንበል። ደብዳቤው ማስተርሷ እዚህ ካለው ሁለተኛ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ይላል። ይህ የትምህርት ደረጃ እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ለአብዛኛው ሥራ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች ግን ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ይመጣል።

በእሷው ሙያ እንየው። በአንድ ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ኃላፊ ሆና ለመሥራት ዲግሪው ይበቃታል። የራሷን ቢሮ ከፍታ የሌሎችን ድርጅቶች ሂሳብ መርምራ በኦዲተርነት ልፈርም ካለች ግን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መነሻነት የተቋቋመው የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ዘንድ መመዝገብና ፈቃድ ማግኘት አለባት። ለዚህ ማስተርስ ብቻውን አያበቃም፤ የሙያ ማኅበር ፈተናዎችን ማለፍ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ያው አዋጅ ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ እንዲከተሉ ስለሚያዝ ውጭ የተማረችው የሂሳብ አሠራር አብዛኛው እዚህም ይሠራላታል። የኢትዮጵያን ግብር ሕግ ግን ማንም ውጭ አላስተማራትም፤ ቀጣሪ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠይቃትም በአብዛኛው እሱን ነው።

በሕግ ትምህርት ልዩነቱ ይሰፋል። ውጭ የተማረ የሕግ ምሩቅ የተማረው የሌላ አገር ሕግ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ለመቆም የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ሲሆን ፈተናው የኢትዮጵያን ሕግ ማወቅን ይጠይቃል። ሐኪምም እንዲሁ ነው። የአቻ ግምት ያለው ሐኪም በሽተኛ ከማየቱ በፊት የጤና ባለሙያነት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የብቃት ምዘና ፈተናና ተግባራዊ ልምምድም ሊጠየቅ ይችላል። ውጭ ሆኖ የተግባር ልምምዱን በከፊል ብቻ ጨርሶ የመጣ ሐኪም የቀረውን የት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የሁለት ዓመት ስሌት

አራተኛው ጥያቄ የቀጣሪው ነው፤ የአቻ ግምቱ ገንዘብ የሚሆነውም እዚህ ነው። በባንኮችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ የተለመደ አጻጻፍ አለ። የመጀመሪያ ዲግሪና አራት ዓመት፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪና ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። ማስተርስ በዚህ ስሌት የሁለት ዓመት ልምድ ይተካል ማለት ነው።

ባለታሪካችን ሦስት ዓመት ሠርታለች። የአቻ ግምት ከያዘች ሁለተኛ ዲግሪና ሦስት ዓመት አላት፤ ሁለተኛው መስፈርት የጠየቀው ሁለት ዓመት ስለሆነ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። የአቻ ግምቱ ከሌላት ግን ማስተርሷ አይታይም። የመጀመሪያ ዲግሪና ሦስት ዓመት ብቻ ይቀራታል፤ የተጠየቀው አራት ስለሆነ ከምዝገባ ትወድቃለች። ሰውም ዕውቀትም አልተለወጠም፤ በመካከል ያለው ልዩነት ያ ደብዳቤ ነው።

ማስታወቂያው ደግሞ አይጠብቃትም። የምዝገባ ጊዜው ብዙ ጊዜ አምስት ወይም አሥር ተከታታይ የሥራ ቀናት ነው። ባለሥልጣኑ ግን ዲግሪውን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መጠየቅ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እዚያ ያለው ሬጅስትራር መልስ የሚሰጠው ሲመቸው ነው። ማስታወቂያ ተመልክቶ የአቻ ግምት ማሠራት የጀመረ ሰው ያንን ሥራ አያገኝም። ቀድሞ መጀመር ብቻ ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር ኢሜይልና የሚመለከተውን ሰው አስቀድሞ ይዞ መምጣት፣ ማረጋገጫ ሲጠየቅም መልስ እንዲሰጡ እዚያ ላሉ መምህራን መንገር ጊዜ ያተርፋል።

የሥራ ልምድ ሲቆጠርም ተመላሽ የሚዘነጋቸው ነገሮች አሉ። የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ምረቃ በኋላ የተሠራው ነው፤ የትምህርቱ ሁለት ዓመት አይቆጠርም። ውጭ ሳለች በሳምንት ጥቂት ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም በረዳት ተመራማሪነት ሠርታ ከሆነ፣ ደብዳቤው ሰዓቱን ካልገለጸና በኤምባሲ በኩል ካልተረጋገጠ የሚይዝላት ቀጣሪ አይበዛም። የአገር ቤቱ ደብዳቤ ደግሞ የሠራችበትን መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች፣ ደመወዟንና የሥራ ግብር የተከፈለ መሆኑን መግለጽ አለበት። በተለይ ከግል ድርጅት ለሚመጣ ደብዳቤ የግብሩ ጉዳይ በብርቱ ይጠየቃል። ከአገር ስትወጣ ድርጅቱ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ስትመለስ ተዘግቶ፣ ስሙን ቀይሮ ወይም አስተዳደሩ ተለውጦ ብታገኘው ይህን የሚጽፍላት ሰው የለም። ደብዳቤው መውጣት ያለበት በመልቀቂያው ቀን ነው።

የዲግሪው ርዕስም እዚህ ላይ ዋጋ አለው። የአቻ ግምቱ ደረጃውን ይናገራል፤ የትምህርት መስኩ ከሥራ መደቡ ጋር ይገናኛል ወይ የሚለውን የሚወስነው ግን የቀጣሪው የሰው ሀብት ክፍል ነው። ፋይናንስ የሚል ዲግሪ አካውንቲንግና ፋይናንስ ወይም ተመሳሳይ የሚል ማስታወቂያ ላይ አይቸገርም። ውጭ አገር አሁን የሚበዙት፣ ሁለት ሦስት መስክ አጣምረው ረጅም ስም የያዙ ማስተርሶች ግን የመዝጋቢው ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። እንዲህ ያለ ዲግሪ የያዘ ሰው የኮርሶቹን ይዘት የሚገልጽ ሰነድ ከዩኒቨርሲቲው አስመጥቶ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ቢያያይዝ መዝጋቢው የሚያነጻጽርበት ነገር ያገኛል።

ውል ፈርሞ የሄደ ሰው

እስካሁን ያየነው ሥራ ለቃ ስለሄደች ሰው ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ በትምህርት ፈቃድ የሄደ ሰው ደግሞ መነሻው ሌላ ነው። እሱ ሲሄድ ውል ፈርሟል፣ ዋስ አስቀርቧል። ከተመለሰ በኋላ በውሉ ላይ ለተጻፈው ጊዜ ማገልገል አለበት፤ ካላገለገለ የወጣበትን ወጪ ይከፍላል፣ እሱ ከጠፋ ዋሱ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባ ነው።

ይህ ሰው ሥራ አይፈልግም፤ ሥራ አለው። የእሱ ጉዳይ ሪፖርት ማድረጊያው ቀን፣ የደረጃ ዕድገቱና መደቡ ነው። በዩኒቨርሲቲ ከሆነ በሌክቸረርነት ሄዶ ዶክትሬቱን ይዞ ሲመለስ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት ለማደግ ያመለክታል። በሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ማስተርስ መያዝ በራሱ ደመወዝ አይጨምርም። ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው፤ መደቡ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ማስተርሱ ጥቅም የሚኖረው ለሌላ መደብ ሲወዳደር ነው። ብዙ ተመላሾች ቅር የሚሰኙት እዚህ ላይ ነው፤ የተማሩት ለነበሩበት ወንበር አለመሆኑን የሚያውቁት ከተመለሱ በኋላ ነው። ትምህርቱን ከመጀመር በፊት የመሥሪያ ቤቱን የመደብ ዝርዝር አይቶ ማስተርስ የሚጠይቀው መደብ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይቻላል።

ሥራ ለቃ የሄደችውስ የአቻ ግምቱ እስኪወጣ ምን ታድርግ? የግል ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት የመሥራት ችሎታን ነው፤ ማስረጃውን የሚጠይቁት ውል ሲፈረም ነው። በመጀመሪያ ዲግሪዋና በሦስት ዓመት ልምዷ እዚያ ተቀጥራ ሥራ መጀመር ትችላለች። ይህን ካደረገች ግን የምትቀጠርበት ደረጃ የሚወሰነው በዚያ ቀን በግል ማኅደሯ ውስጥ ባለው ወረቀት ነው። በኋላ የሚመጣው የአቻ ግምት ያንን በራሱ አይቀይረውም። የማስተርሱ ማስረጃ በሂደት ላይ መሆኑንና ሲቀርብ ደረጃው እንደሚታይ በውሉ ላይ ወይም በደብዳቤ አስጽፋ ትፈርም። ደብዳቤው የወጣ ዕለትም ለሰው ሀብት ክፍል በመሸኛ አስገብታ የተቀበሉበትን ማኅተምና ቀን በራሷ ቅጂ ላይ ታስመታ፤ የደረጃው ጥያቄ ወደ ኋላ ታስቦ የሚታይ ከሆነ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።